ቀለሙ የተሳሳተ ረድፍ ላይ ሲያርፍ፦ ስለ ኤክሴል ኮንዲሽናል ፎርማቲንግና ስለ ዶላር ምልክት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች በኮምቦልቻና በደሴ የዕቃ መዝገባቸውን በኤክሴል ከሚይዙ ነጋዴዎች፣ የሒሳብ ሠራተኞችና የመጋዘን ኃላፊዎች በየጊዜው የሚቀርቡልኝ ናቸው። አጠያየቃቸው ቢለያይም አብዛኞቹ ወደ አንድ ምክንያት ይመለሳሉ፤ ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ምሳሌ ላይ ለመመለስ ሞክሬአለሁ። ምሳሌው ኮምቦልቻ ውስጥ ያለ የግንባታ ዕቃ መደብር የሚጠቀምበት ዓይነት መዝገብ ነው። በ1ኛው ረድፍ የመደብሩ ስም፣ በ2ኛው ቀኑ ተጽፏል፤ 3ኛው ባዶ ነው፤ 4ኛው የዓምዶቹን ርእስ ይዟል። ዕቃዎቹ ከ5ኛው ረድፍ ጀምረው እስከ 40ኛው ይዘልቃሉ። ከላይ ያሉት አምስቱ እንደሚከተለው ናቸው።

| ረድፍ | A ተ.ቁ | B ዕቃ | C መለኪያ | D የገባ | E የቀረ | F ዝቅተኛ መጠን |
|---|---|---|---|---|---|---|
| 5 | 1 | ሲሚንቶ | ኩንታል | 300 | 120 | 50 |
| 6 | 2 | ቆርቆሮ | በቁጥር | 200 | 34 | 60 |
| 7 | 3 | ሚስማር | ኪሎ | 150 | 85 | 40 |
| 8 | 4 | ቀለም | ጋሎን | 60 | 12 | 20 |
| 9 | 5 | የውሃ ቧንቧ | በቁጥር | 100 | 70 | 30 |

የሚፈለገው፣ የቀረው ዕቃ ከዝቅተኛው መጠን ሲያንስ ረድፉ ከA እስከ F በሙሉ ቀይ እንዲሆን ነው። በዚህ መሠረት ከአምስቱ መቅላት ያለባቸው ቆርቆሮና ቀለም ብቻ ናቸው።

ፎርሙላዬ ትክክል ሆኖ ሳለ ቀዩ ቀለም በሲሚንቶና በሚስማር ላይ የወጣው ለምንድን ነው?

ፎርሙላው ለብቻው ሲታይ ትክክል ሊሆን ይችላል። ስሕተቱ ያለው ፎርሙላው በተጻፈለት ረድፍና ቀለሙ በሚጀምርበት ረድፍ መካከል ነው። ብዙ ሰው የሚጽፈው ይህን ነው፦

```
=$E5<$F5
```

ይህ ፎርሙላ የተጻፈው 5ኛውን ረድፍ በማሰብ ነው። ነገር ግን የኮንዲሽናል ፎርማቲንጉ ደንብ ከመጻፉ በፊት ርእሱ ጭምር ተመርጦ ከነበረ፣ ማለትም ምርጫው ከA4 እስከ F40 ከነበረ፣ ኤክሴል ፎርሙላውን የሚረዳው የ4ኛው ረድፍ ፎርሙላ አድርጎ ነው። ስለዚህ 4ኛው ረድፍ የ5ኛውን ቁጥር ያያል፣ 5ኛው የ6ኛውን፣ 6ኛው የ7ኛውን፤ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው እያንዳንዱ ረድፍ የራሱን ትቶ ከበታቹ ያለውን ያነባል። ቆርቆሮ 34 ቀርቶት ከ60 ስላነሰ ቀለሙን የሚያገኘው ከበላዩ ያለው ሲሚንቶ ነው፤ ቀለም 12 ስለቀረው የሚቀላው ሚስማር ነው።

ኤክሴል ለሁሉም ሴሎች አንድ ፎርሙላ ብቻ ይይዛል። ያ ፎርሙላ የሚጻፈው ለአንድ ሴል እንደሆነ ተቆጥሮ ነው፤ ለሌሎቹ ሴሎች የሚደርሰው፣ ፎርሙላን ገልብጠን ወደ ታችና ወደ ጎን ስንለጥፍ እንደሚሆነው፣ በርቀቱ ልክ እየተንሸራተተ ነው። የዶላር ምልክት ያለበት ክፍል አይንሸራተትም፣ የሌለበት ይንሸራተታል። `$E5` ሲባል ዓምዱ E ላይ ተቆልፏል፣ ረድፉ ግን ነጻ ነው። ስለዚህ መነሻው ሴል በአንድ ረድፍ ከተዛነፈ መዛነፉ እስከ 40ኛው ረድፍ ድረስ ሳይለወጥ ይዘልቃል።

ይህ ስሕተት ከሌሎቹ ይልቅ የሚያሳስበኝ ውጤቱ ትክክለኛ ስለሚመስል ነው። ሠንጠረዡ ላይ ቀይ ረድፎች አሉ፣ ብዛታቸውም ከሞላ ጎደል የሚጠበቀው ነው፣ ኤክሴልም ምንም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ለዕቃ ግዢ የተላከ ሰው ቀለሙን ብቻ አይቶ 120 ኩንታል እያለ ሲሚንቶ ያዝዛል፣ ቆርቆሮ ፈላጊው ደንበኛ ደግሞ ባዶ እጁን ወደ ሐርቡ ይመለሳል።

ታዲያ ኤክሴል ፎርሙላው የተጻፈለት ሴል የትኛው እንደሆነ በምን ያውቃል?

ደንቡ በሚጻፍበት ጊዜ ንቁ በሆነው ሴል ነው። ብዙ ሴሎች በአንድነት ሲመረጡ ከመካከላቸው አንዱ ብቻ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ንቁው ሴል እርሱ ነው። አድራሻውም ከፎርሙላ ማስገቢያው በስተ ግራ ባለው የስም ሳጥን ውስጥ ይነበባል። ምርጫውን ከA5 ጀምረው ወደ ታችና ወደ ቀኝ ከጎተቱ ንቁው ሴል A5 ይሆናል፣ ፎርሙላውም በ5 መጻፍ አለበት። ከF40 ጀምረው ወደ ላይ ከጎተቱ ግን፣ የተመረጠው ሠንጠረዥ ያው ቢሆንም፣ ንቁው ሴል F40 ነው።

እኔ ራሴ የምከተለው መንገድ በስም ሳጥኑ ውስጥ ጠቅ አድርጎ የሚከተለውን መጻፍና ኢንተር መጫን ነው። በዚህ መንገድ A5 ሁልጊዜ ንቁ ሆኖ ይገኛል፣ መጎተቱም ይቀራል።

```
A5:F40
```

ፎርሙላውን መልሼ ስከፍተው እኔ ያልጻፍሁት አንድ ሚሊዮን የሚያህል ቁጥር አገኘሁ። ፋይሉ ተበላሽቷል?

አልተበላሸም። ይህ ከታች ወደ ላይ በመምረጥ የሚመጣ ስሕተት መለያው ነው። ንቁው ሴል F40 ሆኖ ሳለ ፎርሙላው `=$E5<$F5` ተብሎ ተጽፏል እንበል። ኤክሴል ይህን «ከራስህ 35 ረድፍ ወደ ላይ ያለውን ተመልከት» ብሎ ይተረጉመዋል። 40ኛው ረድፍ 5ኛውን ያያል፤ 36ኛው የመደብሩ ስም ያለበትን 1ኛውን ረድፍ ያያል። ከዚያ በላይ ያሉት ግን ወደ ላይ የሚሄዱበት ረድፍ የላቸውም። ኤክሴል በዚህ ጊዜ ስሕተት አይልም፤ ከወረቀቱ አናት ዘልሎ ከታች በኩል ይመለሳል። የኤክሴል ወረቀት 1,048,576 ረድፎች ስላሉት የ5ኛው ረድፍ ፎርሙላ የሚከተለውን ይሆናል፦

```
=$E1048546<$F1048546
```

በዚያ ጥልቀት ምንም ስለማይኖር ንጽጽሩ በባዶና በባዶ መካከል ይሆናል፣ ሠንጠረዡም ከሞላ ጎደል ሳይቀባ ይቀራል። በድሮው የxls ቅርጸት የተቀመጠ ፋይል ላይ የረድፎቹ ብዛት 65,536 ስለሆነ በዚያ ያለው ቁጥር 65506 ይሆናል። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲያዩ ቁጥሩን ለማረም አይድከሙ። ደንቡን ሰርዘው A5 ንቁ ሆኖ እንደገና መጻፉ ይቀላል።

ሙሉ ዓምዶችን ከA እስከ F መርጬ ነበር። የቀኑ መስመርና ርእሱ ለምን ቀሉ?

የዓምዶቹን ፊደል ጠቅ አድርገው ሲመርጡ ንቁው ሴል A1 ይሆናል። ፎርሙላው ግን ስለ 5ኛው ረድፍ ስለሚናገር መዛነፉ አራት ረድፍ ነው። 2ኛው ረድፍ የቆርቆሮን ቁጥር ያነባል፣ 4ኛው የቀለምን ያነባል፤ ስለዚህ ቀኑና ርእሱ ይቀላሉ። ሙሉ ዓምድ መምረጥ የግድ ካስፈለገ ፎርሙላው በ1 መጀመር አለበት፣ ርእሶቹም እንዳይቀቡ ቁጥር መሆናቸው መጠየቅ አለበት፦

```
=AND(ISNUMBER($E1),ISNUMBER($F1),$E1<$F1)
```

ይህ ይሠራል፤ ሆኖም እኔ አልወደውም። ጽሑፍና ቁጥር በተቀላቀለበት ዓምድ ላይ ደንብ ከማንጠፍ ከA5 መጀመርና ለሚጨመሩት ዕቃዎች የሚበቃ ተጨማሪ ረድፍ መተው ይሻላል።

ረድፉ ትክክል ነው፤ ግን ቀለሙ በተራ ቁጥሩ ላይ ብቻ ይወጣል። የቀረው ረድፍ ለምን አልቀላም?

ይህ የረድፍ መዛነፍ አይደለም፤ በዓምዱ ፊት መኖር የነበረበት የዶላር ምልክት ቀርቷል። ፎርሙላው እንዲህ ተጽፎ ሳለ፦

```
=E5<F5
```

A5 የሚያየው E5ንና F5ን ነው፣ ያም ትክክል ነው። B5 ግን ከA5 አንድ ዓምድ ወደ ቀኝ ስለሚገኝ የሚያየውም በአንድ ወደ ቀኝ ተንሸራትቶ F5ንና G5ን ይሆናል። C5 ደግሞ G5ንና H5ን ያያል። ከF በኋላ ያሉት ዓምዶች ባዶ ከሆኑ ንጽጽሩ እውነት ስለማይሆን ቀለሙ ከA አያልፍም።

ከF ቀጥሎ ባለው ዓምድ ማስታወሻ የሚጽፉ ሰዎች ደግሞ የበለጠ ግራ ይጋባሉ። አንዲት የመጋዘን ኃላፊ በG9 ላይ «ከደሴ ይመጣል» ብላ ጽፋ ነበር፤ ወዲያው የውሃ ቧንቧው ስም፣ ማለትም B9 ብቻውን ቀላ። ቧንቧው 70 ስለሚቀረው መቅላት አልነበረበትም። የሆነው ይህ ነው፦ B9 የሚያወዳድረው F9ን ከG9 ጋር ነው፤ ኤክሴል ደግሞ ጽሑፍንና ቁጥርን ሲያወዳድር ማንኛውም ጽሑፍ ከማንኛውም ቁጥር እንደሚበልጥ ይቆጥራል። ስለዚህ 30 «ከደሴ ይመጣል» ከሚለው ጽሑፍ ያንሳል፣ ሁኔታውም እውነት ይሆናል። ኃላፊዋ ማስታወሻውን ስትሰርዘው ቀለሙ መጥፋቱ ይበልጥ አስገርሟታል። ለሁለቱም ዓምዶች ዶላር ሲጨመር፣ ማለትም `=$E5<$F5` ሲሆን፣ ከA እስከ F ያሉት ስድስቱም ሴሎች አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፣ በአንድነትም ይቀላሉ።

ሠንጠረዡ ለሳምንታት ምንም ሳይቀላ ቆይቶ አንድ ቀን ጠዋት በሙሉ ቀላ። ምን ተፈጠረ?

ፎርሙላው ከመጠን በላይ ተቆልፏል። ሊሆን የሚችለው እንዲህ ነው፦

```
=$E$5<$F$5
```

ሁሉም ሴሎች አንዱን የሲሚንቶ ረድፍ ብቻ ይመለከታሉ። ሲሚንቶው 120 ኩንታል እያለ መልሱ ለሁሉም «አይደለም» ነው፤ ቆርቆሮ ቢያልቅ፣ ቀለም ቢያልቅ ለውጥ የለም። ሲሚንቶው ወደ 45 የወረደ ቀን 36ቱም ዕቃዎች በአንድነት ይቀላሉ።

ይህን ስሕተት የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው ሳይሆን ሳጥኑ ነው። ፎርሙላውን በሚጽፉበት ሳጥን ውስጥ ሆነው አንድን ሴል በመዳፊት ጠቅ ካደረጉ ኤክሴል ሁለቱንም ዶላሮች በራሱ ይጨምራል። ጠቋሚው በአድራሻው ላይ እንዳለ F4ን ሲጫኑ አድራሻው በቅደም ተከተል `$E$5`፣ `E$5`፣ `$E5`፣ `E5` እየሆነ ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ከ`$E$5` ተነስቶ ሁለት ጊዜ መጫን ወደሚፈለገው `$E5` ያደርሳል። በአንዳንድ ላፕቶፖች Fn ቁልፍን አብሮ መጫን ያስፈልጋል።

በዚያው ሳጥን ውስጥ ሌላም ወጥመድ አለ። ጽሑፉን ለማረም የቀስት ቁልፍ ሲጫኑ ጠቋሚው በመንቀሳቀስ ፈንታ ኤክሴል የሴል አድራሻ በፎርሙላው መካከል ይሰነቅራል። አስቀድመው F2ን ከተጫኑ ቀስቶቹ እንደ ተለመደው ይሠራሉ። ይህን ባለማወቅ ፎርሙላውን አራት አምስት ጊዜ አጥፍተው የጻፉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ።

ዝቅተኛው መጠን ለሁሉም ዕቃ አንድ ከሆነና በአንድ ሴል ከተጻፈስ?

ያን ጊዜ ሁለት ዓይነት አድራሻ በአንድ ፎርሙላ ውስጥ ይቀላቀላል፤ መቀላቀሉም ትክክል ነው። መጠኑ በH2 ተጽፎ ከሆነ ደንቡ የሚሆነው፦

```
=$E5<$H$2
```

የቀረው መጠን ከረድፍ ወደ ረድፍ መሄድ ስላለበት ረድፉ ነጻ ነው፣ H2 ግን የትም መሄድ ስለሌለበት በሁለቱም በኩል ይቆለፋል። `$H2` ተብሎ ከተጻፈ 5ኛው ረድፍ H2ን፣ 6ኛው H3ን፣ 7ኛው H4ን ያያል። እነዚያ ባዶ ስለሆኑ እንደ 0 ይቆጠራሉ፣ ከ0 የሚያንስ ዕቃ ደግሞ የለም። ምልክቱም የመጀመሪያው ረድፍ በትክክል ሲሠራ ሌሎቹ ምንጊዜም አለመቅላታቸው ነው።

ስሕተቱ የቱ እንደሆነ በዓይን ብቻ መለየት ይቻላል?

በአብዛኛው ይቻላል፤ ቀለሙ የያዘው ቅርጽ ይናገራል። ቀዩ ከሚገባው በላይ ባለው ረድፍ ላይ ከወጣ ፎርሙላው ከመነሻው ሴል የሚበልጥ የረድፍ ቁጥር ይዟል። በታች ባለው ላይ ከወጣ ያነሰ ቁጥር ይዟል፤ ለምሳሌ ምርጫው ከA5 ጀምሮ ፎርሙላው `=$E4<$F4` ከሆነ የሚቀሉት ሚስማርና የውሃ ቧንቧ ይሆናሉ። ልብ ብላችሁ ከሆነ ሚስማር በሁለቱም ስሕተት ይቀላል፣ ምክንያቱም ከላዩም ከታቹም ያለው ዕቃ ከዝቅተኛው መጠን አንሷል፤ ስለዚህ በአንድ ረድፍ ብቻ አይፍረዱ፣ ሁለት ሦስት ረድፍ ይዩ። ረድፉ ትክክል ሆኖ ቀለሙ በአንዳንድ ሴሎች ብቻ ከተቆራረጠ የጎደለው በፊደሉ ፊት ያለው ዶላር ነው። ሁሉም ወይም ምንም ከሆነ ደግሞ በቁጥሩ ፊት ያልተፈለገ ዶላር አለ።

ዓይን ካልበቃ ፎርሙላውን ከደንቡ አውጥቶ በወረቀቱ ላይ መዘርጋት ነው። ከሠንጠረዡ ራቅ ባለ ቦታ፣ ለምሳሌ በL5 ላይ፣ የደንቡን ፎርሙላ እንዳለ ይጻፉ፤ ከዚያ እስከ Q5 ወደ ቀኝ፣ እስከ Q40 ወደ ታች ይሙሉት። ከL እስከ Q ያሉት ስድስት ዓምዶች ከA እስከ F ያሉትን ስድስት ዓምዶች ይወክላሉ። በእያንዳንዱ ሴል TRUE ወይም FALSE ይነበባል፤ TRUE ያለበት ሁሉ በሠንጠረዡ ውስጥ የሚቀላው ሴል ነው። M5ን ጠቅ ሲያደርጉ በውስጡ `=F5<G5` የሚል ካገኙ ዶላሩ የት እንደጎደለ ያለ ብዙ ምርምር ይታያል። ደንቡ የደበቀውን መንሸራተት ፊት ለፊት የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም። ሲጨርሱ ይሰርዙት።

የተጻፈውን ደንብ የት አግኝቼ ላርመው?

አስቀድመው A5ን ጠቅ ያድርጉ። ይህን ማስቀደም ያስፈልጋል፤ የሚያነቡት ፎርሙላ ከመጀመሪያው ሴል አንጻር እንዲሆን ነው። ቀጥሎ በHome ውስጥ Conditional Formatting፣ ከዚያ Manage Rules ይክፈቱ፤ ከላይ ባለው ዝርዝር This Worksheet የሚለውን ይምረጡ። እያንዳንዱ ደንብ Applies to ከሚል ሳጥን ጋር ይታያል። የሚፈለገው ይህ ነው፦

```
=$A$5:$F$40
```

ከዚያ Edit Rule ብለው ፎርሙላውን ይመልከቱ። ክልሉ በ5 ከጀመረ ነጻ የሆነው የረድፍ ቁጥርም 5 መሆን አለበት፤ ማመሳከሩ ይኸው ነው። ክልሉን ከለወጡ OK ብለው ወጥተው፣ A5 ላይ ሆነው ፎርሙላውን እንደገና ከፍተው ያረጋግጡ፤ ሁለቱ ካልተገናኙ ፎርሙላውን ያርሙት።

በApplies to ሳጥን ውስጥ ያሉትን ዶላሮች ላጥፋቸው?

አያጥፏቸው። ኤክሴል ክልሉን የሚጽፈው ምንጊዜም በሁለት ዶላር ነው፤ ቢያጠፏቸውም መልሶ ይጨምራቸዋል። ያ ሳጥን ቀለሙ የሚደርስበትን ቦታ ይገልጻል፣ በውስጡ ያሉት ዶላሮች በመንሸራተቱ ላይ ድርሻ የላቸውም።

አንድ የደረሰኝ ቁጥር ሁለት ጊዜ ሲመዘገብ እንዲቀላ አደረግሁ። አንዱ ይቀላል፣ ሁለተኛው ግን አይቀላም።

እዚህ የሚንሸራተተው የሚቆጠርበት ክልል ነው። በሌላ ወረቀት ላይ የደረሰኝ ቁጥሮች ከB5 እስከ B40 ተመዝግበው፣ አንድ ቁጥር በ12ኛውና በ27ኛው ረድፍ ተደግሟል እንበል። ፎርሙላው ይህ ከሆነ፦

```
=COUNTIF($B5:$B40,$B5)>1
```

12ኛው ረድፍ የሚቆጥረው ከB12 እስከ B47 ስለሆነ ሁለቱንም ያገኛል፣ ይቀላል። 27ኛው ከB27 እስከ B62 ይቆጥራል፤ የመጀመሪያው ከክልሉ ውጭ ስለቀረ ራሱን ብቻ ያገኛል፣ አይቀላም። ክልሉ ሲቆለፍ ሁለቱም ይቀላሉ፦

```
=COUNTIF($B$5:$B$40,$B5)>1
```

ሆን ብለው ድጋሚውን ብቻ ማቅላት ከፈለጉ ደግሞ የክልሉን መጀመሪያ ቆልፈው መጨረሻውን ነጻ ይተዉት። እንዲህ ሲሆን 12ኛው ረድፍ እስከ ራሱ ብቻ ቆጥሮ አንድ ያገኛል፣ 27ኛው ሁለት ያገኛል፤ ተመላሽ መደረግ ያለበት ደረሰኝ የትኛው እንደሆነ ለሚፈልግ ሒሳብ ሠራተኛ ይህኛው ይጠቅመዋል፦

```
=COUNTIF($B$5:$B5,$B5)>1
```

መጀመሪያ በትክክል ይሠራ ነበር፤ ከወራት በኋላ መሳሳት ጀመረ። ፎርሙላውን የነካው የለም።

ፎርሙላውን ባይነኩትም ሴሎቹን ገልብጠው ለጥፈዋል ማለት ነው። ተራ ኮፒና ፔስት ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ደንቡንም ይዞ ይሄዳል። በጊዜ ብዛት Manage Rules ውስጥ አንድ የነበረው ደንብ ሦስት አራት ሆኖ ይገኛል፤ Applies to የሚለውም ይቆራረጣል፦

```
=$A$5:$F$17,$A$19:$F$40
```

18ኛው ረድፍ ከሌላ ቦታ የመጣ ደንብ ይዞ ወይም ያለ ደንብ ቀርቷል። መፍትሔው ትርፎቹን ደንቦች ሰርዞ አንዱን በሙሉ ክልሉ ላይ መመለስ ነው። ለወደፊቱ ቁጥር ሲገለብጡ Ctrl+Alt+V ተጭነው V ብለው ኢንተር ቢሉ ዋጋው ብቻ ይለጠፋል።

ዶላሮቹም መነሻው ሴልም ትክክል ናቸው፤ ሆኖም አንዳንድ ረድፍ ሳይገባው ይቀላል፣ አንዳንዱ ሲገባው አይቀላም።

እንግዲያው ጉዳዩ የአድራሻ ሳይሆን በሴሉ ውስጥ የተጻፈው ነገር ነው። E ባዶ ሆኖ F ላይ ቁጥር ካለ ባዶው እንደ 0 ስለሚቆጠር ረድፉ ይቀላል። በሌላ በኩል 34 የሚለው ከቴሌግራም መልእክት ተገልብጦ እንደ ጽሑፍ ከገባ ቀደም ሲል እንዳየነው ጽሑፍ ከቁጥር ስለሚበልጥ ቆርቆሮ በፍጹም አይቀላም። ለሁለተኛው መለያው፣ አሰላለፉን ማንም ካልለወጠው፣ ቁጥሩ በሴሉ ውስጥ ወደ ግራ ተጠግቶ መታየቱ ነው፤ መፍትሔውም ቁጥሩን እንደ ቁጥር መልሶ መጻፍ ነው። ለመጀመሪያው ይህን ይጠቀሙ፦

```
=AND($E5<>"",$E5<$F5)
```

ጎግል ሺትስ ላይስ ያው ነው?

የዶላሩ ሥራ ያው ነው። ልዩነቱ እዚያ ንቁ ሴል የሚባለው ጣጣ አለመኖሩ ነው፤ በCustom formula is የሚጻፈው ፎርሙላ ምንጊዜም የሚታሰበው በApply to range ውስጥ ካለው ክልል ከላይ በስተ ግራ ካለው ሴል አንጻር ነው። ክልሉ A5:F40 ከሆነ በየትኛውም አቅጣጫ ቢመርጡት `=$E5<$F5` ትክክል ነው። ክልሉ A4 ላይ ከጀመረ ግን ሲሚንቶው እዚያም ይቀላል።